ስልኩ የካሜራውን ዋይፋይ ይዞ አፑ ካሜራውን የማያገኘው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ፎቶ አነሳለሁ። ካሜራዬ ካኖን 2000ዲ ነው፣ ስልኬ ሳምሰንግ ነው። ደንበኛ ሁሉ አሁኑኑ በቴሌግራም ላክልኝ ይለኛል። የካሜራው ዋይፋይ ስልኬ ላይ ይመጣል፣ ፓስወርዱንም ይቀበላል፣ አፑ ግን ካሜራውን አያገኘውም። አንዳንዴ ደግሞ ይገናኝና ጥቂት ፎቶ አሳልፎ ይቆማል። የተበላሸው ካሜራው ነው ስልኩ? የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ካሜራህ አልተበላሸም። ይህን በድፍረት የምልህ ራስህ ከጻፍከው ተነስቼ ነው። ስልክህ የካሜራውን ስም ካየና ፓስወርዱን ከተቀበለ የካሜራው ዋይፋይ እየሠራ ነው። ተበላሽቶ ቢሆን ስሙም ባልመጣልህ ነበር። ስለዚህ ለጥገና ብለህ ለማንም ገንዘብ እንዳትከፍል። ችግሩ ያለው ፓስወርዱ ከገባ በኋላ ስልክህ ውስጥ በሚሆነው ነገር ነው።

እኔም እዚሁ ሐዋሳ ካሜራ ነው የምጠግነው። ዋይፋዩ እምቢ አለ ተብሎ የሚመጣልኝ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈታ ነው የሚመለሰው፣ የሚስተካከለው ስልኩ ነውና። መጀመሪያ ለምን እንደሚሆን ልንገርህ፣ ምክንያቱን ካወቅክ ስልክ ብትቀይርም አትቸገርም።

ካሜራው ዋይፋዩን ሲከፍት ራሱ ትንሽ ኔትወርክ ይፈጥራል። እቤት ግድግዳ ላይ እንዳለው ራውተር ማለት ነው፣ ልዩነቱ ከኋላው ኢንተርኔት የለውም። ስልክህ ይገባና እንደ ልማዱ ኢንተርኔት መኖሩን ይፈትሻል። ያጣል። በዚህ ጊዜ ዘመናዊ ስልክ ሁሉ ለባለቤቱ የሚጠቅም መስሎት አንድ ነገር ያደርጋል፤ ዋይፋዩን በስም ብቻ ይዞ ሥራውን ሁሉ ወደ ሞባይል ዳታ ያዞራል፣ ወይም ጭራሽ ከዋይፋዩ ይወጣል። አንተ ላይ ላዩን ስታየው ተገናኝቷል። አፑ ግን ካሜራውን የሚፈልገው በዳታው በኩል ነው፣ ካሜራው ደግሞ እዚያ የለም። እስከ ማታ ቢፈልግም አያገኘውም።

ይህ መሆኑን የምታውቅበት ምልክት አለ። ፓስወርዱን ካስገባህ በኋላ የስልክህን የላይኛውን መስመር እይ። የዋይፋዩ ምልክት አጠገቡ የቃለ አጋኖ ምልክት ይዞ ከመጣ፣ ወይም ታይቶ ወዲያው ጠፍቶ 4ጂ የሚለው ከተመለሰ፣ ነገሩ ያው ነው። ይህ ኔትወርክ ኢንተርኔት የለውም፣ ይቀጥል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጽሑፍም ብቅ ይላል። ብዙ ሰው ሳያነበው ይዘጋዋል ወይም አይቀጥል ይላል። ይቀጥል በለው። ለወደፊቱም አትጠይቀኝ የሚል ምርጫ ካለው እሱን አብረህ ምረጥ።

ከሁሉ የሚቀለው መፍትሔ ኤርፕሌን ሞድ ነው። ፎቶ ልታሳልፍ ስትል መጀመሪያ ኤርፕሌን ሞድን ክፈት፣ ከዚያ ዋይፋዩን ብቻ በእጅህ መልሰህ አብራ። አሁን ስልኩ የሚሸሽበት ዳታ የለውም፣ ከካሜራው ጋር ይቆያል። ጉዳቱ በዚያች ሰዓት ስልክ ቢደወልልህ አይገባም። ደንበኛ እየደወለ የሚቀጥርህ ከሆነ ኤርፕሌኑን ተወውና ሞባይል ዳታውን ብቻ ዝጋ፣ ጥሪው እንደ ልብ ይገባል። ሳምሰንግ ላይ ደግሞ ለዘለቄታው የሚዘጋበት ቦታ አለ። የዋይፋይ ገጽ ላይ ሦስቱን ነጥብ ነክተህ «Intelligent Wi-Fi» ውስጥ ስትገባ «Switch to mobile data» የሚል ታገኛለህ፣ እሱን አጥፋው። ቆየት ባሉ ሳምሰንጎች ይኸው መስመር «Advanced» ውስጥ ነው ያለው።

አሁን ከመጀመሪያው አንድ ጊዜ አብረን እንሂድ። ካሜራው ላይ «MENU» ተጫን፣ የመፍቻ ምልክት ወዳለባቸው ቢጫ ገጾች ሂድና «Wi-Fi/NFC» የሚለውን «Enable» አድርገው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ለካሜራው ስም እንድታወጣለት ይጠይቅሃል። የሞዴሉ ስም ተጽፎ ይመጣል፣ እሱን እንዳለ መቀበል ትችላለህ። አንድ ምክር ግን አለኝ። ሐይቁ ዳር ከአንተ ጋር የሚሠሩት ልጆች ብዙዎቹ የያዙት ያንኑ ካሜራ ከሆነ የራስህን ስም አስገባበት፣ ያለዚያ አንተ የጎረቤትህን ካሜራ ይዘህ ፓስወርዱ እምቢ አለኝ ስትል ትውላለህ። ቀጥሎ «Wi-Fi function» ውስጥ ግባ፣ የስልክ ምስል ያለበትን «Connect to smartphone» ምረጥ፣ ከዚያ «Easy connection»። የካሜራው ስክሪን የኔትወርኩን ስምና የይለፍ ቁጥሩን ያሳይሃል። ስክሪኑን እንዳለ ተወው፣ ወደኋላ አትመለስ።

ከዚህ በኋላ ስልኩን ያዝ። ዳታው ዝግ መሆኑን አይተህ የዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ የካሜራውን ስም ምረጥ፣ ቁጥሩን አስገባ፣ እንደተገናኘ ሲነግርህ «Camera Connect» የሚለውን የካኖን አፕ ክፈት። አፑ ካሜራውን ሲያገኘው ስሙን ያመጣልሃል፣ ነካ አድርገው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያልፉት ነገር አለ። በዚያው ቅጽበት ካሜራው ላይ ይህን ስልክ ላገናኝ ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ስልኩ ላይ አፍጥጠህ ካሜራውን ካላየኸው አፑ ዝም ብሎ ሲሽከረከር ታየዋለህ። ካሜራው ላይ «OK» በል። አንድ ጊዜ ከተገናኙ በኋላ ካሜራው ይህን ስለሚይዘው በሚቀጥለው ሁሉንም አትደግመውም፣ የተቀመጠውን መምረጥ ይበቃል። አፑን አጥፍተህ እንደገና ከጫንክ ወይም ስልክ ከቀየርክ ግን ካሜራው እንደ አዲስ ነው የሚያይህ፣ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ።

ዳታውን ዘግተህም አፑ ካላገኘው ወደ ሁለተኛው ጥርጣሬ እንለፍ። ቪፒኤን።

በቅርቡ አንድ እንዳንተው ሐይቅ ዳር የሚሠራ ልጅ ያንኑ ካሜራ ይዞ መጣ። ዳታውን ዘግቷል፣ ኤርፕሌኑንም ሞክሯል፣ አፑንም አጥፍቶ ጭኗል። ስልኩን ተቀብዬ የላይኛውን መስመር ሳየው ትንሽ የቁልፍ ምልክት አለች። ቪፒኤን ነው። ቴሌግራም እምቢ ባለበት ጊዜ ጭኖት ከዚያ ወዲህ ረስቶታል። ቪፒኤን ማለት ከስልኩ የሚወጣውን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነገር ነው። አፑ ካሜራዬ የት ነህ ብሎ የሚልከውም መልእክት እዚያው ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ አጠገቡ ያለው ካሜራ ጋ አይደርስም። ቪፒኤኑን ዘግተን አፑን እንደገና ስንከፍት የካሜራው ስም ወዲያው መጣ። እኛ አገር ቪፒኤን የሌለው ስልክ ስንት አለ? ስለዚህ የቁልፏን ምልክት መጀመሪያ ፈልጋት። አንዳንዱ ቪፒኤን ደግሞ ሁልጊዜ እንዲበራ ተደርጎ ነው የሚጫነው፣ አፑን ዘጋሁት ብትልም ራሱ ይነሳል። እንደዚያ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ «VPN» ብለህ ፈልግና ሁልጊዜ ይብራ የሚለውን አጥፋው።

ሦስተኛው ፈቃድ ነው። አንድሮይድ ላይ አንድ አፕ በአካባቢው ያለውን ዋይፋይ ለማየት የሎኬሽን ፈቃድ ይጠየቃል። አፑ መጀመሪያ ሲከፈት ሎኬሽን ልጠቀም ብሎ ሲጠይቅ ፎቶ ማሳለፍና ያለሁበት ቦታ ምን አገናኛቸው ብሎ ብዙ ሰው ይከለክለዋል። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፣ ግን እዚህ ላይ ፍቀድለት። አፑን ስትጠቀም ብቻ የሚለውን ብትመርጥ ይበቃል። ሎኬሽኑ ራሱም መብራት አለበት፣ ፈቃዱ ኖሮ ሎኬሽኑ ከጠፋ ዋጋ የለውም። ከአንድሮይድ 13 ወዲህ ደግሞ በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎች የሚል ሌላ ፈቃድ ተጨምሯል፣ እሱንም ፍቀድ። ይህን የሚያነብ የአይፎን ተጠቃሚ ካለ፣ አይፎን ላይ ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ «Local Network» የሚል ፈቃድ አለ። እሱ ከተከለከለ ዋይፋዩ ሙሉ ሆኖ አፑ ካሜራውን አያይም።

ካሜራው ከዳታ፣ ከቪፒኤንና ከፈቃድ በአንዱ ሳይገኝልህ አይቀርም። አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ፣ ጥቂት አሳልፎ ስለሚቆመው።

መጀመሪያ የስልክህን ስክሪን ጠርጥር። ፎቶው እያለፈ ስክሪኑ ከጠፋ ወይም ወጣ ብለህ ሌላ አፕ ከከፈትክ ስልኩ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ አፑን ያስተኛዋል፣ መስመሩም ይቋረጣል። ሁልጊዜ የሚቆመው ስክሪኑ ሊጠፋ በሚችልበት ሰዓት አካባቢ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። ስክሪኑ የሚጠፋበትን ጊዜ ወደ 10 ደቂቃ ከፍ አድርገው። የባትሪ ቆጣቢ ሞድ በርቶ ከሆነ ዝጋው። እስኪያልቅ ድረስም አፑ ፊት ለፊት ይቆይ፣ ለደንበኛ ዋጋ ለመንገር ብለህ እንኳ ወደ ቴሌግራም አትውጣ።

ሁለተኛው አየሩ ነው። የ2000ዲ ዋይፋይ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። አዲሱን ፈጣኑን 5 ጊጋኸርዝ አያውቅም። በዚህ 2.4 ላይ ደግሞ ብሉቱዝም አለ፣ የስልክ ሆትስፖትም አለ፣ የካፌው ዋይፋይም አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ ዳር ምን እንዳለ አንተው ታውቃለህ። በየጥላው ሥር የብሉቱዝ ስፒከር ይጮሃል፣ ሰዉ ሆትስፖት ከፍቶ ይሰጣጣል። ሁሉም በአንድ ጠባብ መንገድ ነው የሚጋፋው። ራቅ ብለህ ስትሄድ ፍጥነቱ ሲጨምር ካየህ ምክንያቱ እሱ ነበር። የራስህን ስልክ ብሉቱዝም ዝጋው፣ በተለይ ጆሮህ ላይ የብሉቱዝ ማዳመጫ ካለ፣ በአብዛኛው ስልክ ላይ ብሉቱዙና ዋይፋዩ የሚጋሩት ያንኑ አየር በዚያው ቦታ ነውና።

አያያዝህንም እይ። ካሜራው አንገትህ ላይ ተንጠልጥሎ በጀርባህ በኩል፣ ስልኩ ፊት ለፊትህ ከሆነ መሀል ያለው የአንተ ሰውነት ነው። ሰውነታችን ባብዛኛው ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ ይህን ሞገድ በደንብ ይውጠዋል። ካሜራውን አውርደህ ድንጋዩ ወይም ወንበሩ ላይ ስልኩ አጠገብ አስቀምጠው፣ ወደ ቦርሳም አታስገባው። በጣም ቀላል ነገር ነው፣ ግን ልዩነቱን ራስህ ታየዋለህ።

ሦስተኛው ባትሪ ነው። ዋይፋይ የካሜራውን ባትሪ በደንብ ይጠጣል። የ2000ዲ ባትሪ፣ ኤልፒ-ኢ10 የሚባለው፣ 860 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፣ ከስልክህ ባትሪ ጋር ስታነጻጽረው ትንሽ ነው። ከሰዓቱን ሙሉ ስታነሳበት ውለህ ማታ ላይ ማሳለፍ ከጀመርክ መሀል ላይ መጥፋቱ አይቀርም። ሁለተኛ ባትሪ ያዝ። አሳልፈህ ስትጨርስም «Wi-Fi/NFC» የሚለውን ወደ «Disable» መልሰው። ማለፍ ላይ እያለ ደግሞ የባትሪውንና የካርዱን ክዳን እንዳትከፍት፣ ይህ ካሜራ ሁለቱን በአንድ ክዳን ነው የያዛቸው፣ ሲከፈትም ይጠፋል።

አሁን ለአንተ ሥራ ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ደንበኛ አጠገብህ ቆሞ እየጠበቀ ስንት ፎቶ ማሳለፍ ይቻላል? የ2000ዲ ፎቶ በሙሉ ጥራቱ 6000 በ4000 ነጥብ ነው፣ አንዱ ጄፔግ 7 ወይም 8 ሜጋባይት ይመዝናል። አየሩ ደህና ሆኖ በሰከንድ 2 ሜጋባይት አገኘህ እንበል። አንድ ፎቶ ወደ 4 ሰከንድ ይወስዳል። 15 ፎቶ አንድ ደቂቃ ነው። ደንበኛ አንድ ደቂቃ ይጠብቃል። 120 ፎቶ ግን 8 ደቂቃ ነው፣ ያም ምንም ካልተቋረጠ። ስለዚህ ሁሉንም ለማሳለፍ አትሞክር፣ መርጠህ አሳልፍ።

መምረጡን ደግሞ ስልኩ ላይ አታድርገው። አፑ ላይ ስትመርጥ ትንንሾቹ ምስሎች ራሳቸው አንድ በአንድ ከካሜራው መምጣት አለባቸው፣ ካርዱ ውስጥ 800 ፎቶ ካለ እነሱን ስትጠብቅ ነው ጊዜህ የሚያልቀው። ካሜራው ላይ ምረጥ። ፎቶ በምታይበት ሰማያዊ ገጽ «Rating» የሚል አለ፣ ለፎቶው ኮከብ የምትሰጥበት ነው።

በተግባር እንዲህ ይሆናል። ስምንት ተመራቂዎች ጋውናቸውን ለብሰው መጡ እንበል። 120 አነሳህ። ዋይፋዩን ሳትከፍት ካሜራውን ይዘህ ከእነሱ ጋር ጥላ ሥር ቁጭ በል፣ ስክሪኑን እያሳየህ የወደዱትን 15 በኮከብ ምልክት አድርግ። ዓይኑን የጨፈነውንም፣ ቆቡ የጠመመበትንም እዚያው ጣለው። ከዚያ ዋይፋዩን ክፈት። ካሜራው ስልኩን ላገናኝ ወይ ብሎ ሲጠይቅህ «OK» ከማለትህ በፊት ስልኩ የሚያያቸውን ፎቶዎች መወሰን ትችላለህ፣ «DISP» የሚለውን ቁልፍ ስትጫን ይከፈታል። «Select by rating» በለው። አሁን አፑ ላይ የሚመጡት 15ቱ ብቻ ናቸው። ሁሉንም ምረጥ፣ አስገባ፣ አንድ ደቂቃ። ጥቅሙ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ከእነሱ በፊት ያነሳሃቸው የሌላ ደንበኛ ፎቶዎች ስልኩ ላይ አይታዩም፣ አጠገብህ ተደርድረው ስልክህ ላይ ለሚያዩት ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ ምርጫ ግን ተቀምጦ ይቀራል። ነገ ሌላ ደንበኛ መጥቶ አፑ ባዶ ሆኖ ቢታይህ ፎቶው ጠፋ ብለህ እንዳትደነግጥ፣ ኮከብ ስላልሰጠህ ነው። «All images» ወደሚለው መልሰው።

የፎቶ መጥፋትን ካነሳን፣ እኛ ጋ ብቻ የሚገጥም አንድ ችግር አለ። አንዳንዱ ሰው የካሜራውን ቀን በእኛ አቆጣጠር ይሞላዋል። ፎቶው በትክክል ያልፋል፣ አፑም ገብቷል ይላል፣ ጋለሪ ሲከፈት ግን የለም። አለ። ጋለሪው የሚደረድረው ፎቶው በተነሳበት ቀን ነው፣ ካሜራው ደግሞ ቀኑን ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ጽፎበታል። ስለዚህ ፎቶው ከድሮ ፎቶዎችህ ጋር ታች ተቀምጧል። የካሜራውን ቀንም ሰዓትም በፈረንጆቹ ሙላው። ባትሪ ብዙ ጊዜ ወጥቶበት የቆየ ካሜራም ቀኑን ሊረሳ ስለሚችል አልፎ አልፎ አየት አድርገው።

ጥራቱን በተመለከተ አንድ ነገር አስተካክል። አፑ ላይም፣ ከካሜራው ስትልክም፣ ፎቶው በሙሉ መጠኑ ይለፍ ወይስ ተቀንሶ የሚል ምርጫ አለ። ተቀንሶ ሲያልፍ ረጅሙ ጎኑ ወደ 2 ሺህ ነጥብ ገደማ ይወርዳል፣ በጣም ይፈጥናል፣ ለስልክ ስክሪን ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን ደንበኛው አሳትሞ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ከሆነ አይሆንም። የቱ እንዳለፈልህ ካላወቅክ ጋለሪው ላይ የፎቶውን ዝርዝር ክፈት፣ 6000 በ4000 ካለ ሙሉው ነው። ሙሉውን አሳልፈህ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላክኸው ደግሞ ልፋትህ ከንቱ ነው፣ ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰዋል። የምትለይበት ነገር ይኑርህ፤ ለስቶሪና ለፕሮፋይል ብቻ የሚፈልገውን ተቀንሶ አሳልፈህ እንደ ፎቶ ላክለት፣ ሊያሳትም የሚፈልገውን በሙሉ መጠኑ አሳልፈህ በአባሪው ምልክት በኩል «File» ብለህ ላክለት። አየሩ በተጨናነቀበት ሰዓት እኔ ብሆን ለሁሉም የተቀነሰውን እዚያው ሰጥቼ ሙሉውን ማታ ነው የምልከው።

ደንበኛው በእኔ ስልክ ላይ ቀጥታ ከካሜራው አሳልፍልኝ ካለህ አትቀበለው። አፑን መጫን አለበት፣ ፈቃዱን መስጠት አለበት፣ ዳታውን መዝጋት አለበት። ሌላ ሰው ሲጠብቅህ ይህን ሁሉ እያስተማርክ መቆም አትችልም። ሁልጊዜ በራስህ ስልክ አሳልፍ፣ ከዚያ ላክ። ደንበኛው ዳታ ከሌለው በዜንደር ስጠው፣ ለሱም ብር አያስወጣውም። ቴሌግራም ላይ የምትልክ ከሆነ ከካሜራው ወጥተህ ዳታህን መልሰህ ማብራትህን አትርሳ። ካሜራውን እንደያዝክ ብትልክ ሰዓቱ ላይ ይሽከረከራል እንጂ አይሄድም።

የካፌ ወይም የሆቴል ዋይፋይ ላይ ሁለቱን ላገናኛቸው የሚል ሐሳብ ከመጣብህም ተወው። ካሜራው በ«Select a network» ራውተር ላይ መግባት ይችላል፣ እቤትህ ባለው ዋይፋይ ላይ ጥሩ ይሠራል፣ ስልኩም ኢንተርኔት ስለሚያገኝ አይሸሽም። የሕዝብ ዋይፋይ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ተጠቃሚዎቹ እርስ በርስ እንዳይተያዩ ተደርጎ ነው የሚዘጋጀው። ሁለቱም ገብተው አይገናኙም። ገጽ ከፍተህ ስልክ ቁጥር ሙላ የሚል ዓይነት ከሆነ ደግሞ ካሜራው ገጹን የሚከፍትበት ነገር ስለሌለው ጭራሽ አይገባም።

ሮው ፎቶ የምታነሳ ከሆነ በዚህ መንገድ ጥሬው ፋይል ራሱ ስልክህ ላይ ይመጣል ብለህ አትጠብቅ። ስልክ ላይ የምትፈልገውን በጄፔግ አንሳ፣ ወይም ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያስቀምጠውን ምረጥ።

ሰርግ ወይም ምርቃት ሙሉ ቀን ሠርተህ 600 ፎቶ ካለህ ግን ዋይፋዩን አትንካው። 600 ፎቶ 4.5 ጊጋባይት ገደማ ነው፣ በዚያው ፍጥነት 40 ደቂቃ ሊደርስ ነው፣ አንዴ ከተቋረጠ የቱ አለፈ የቱ ቀረ እያልክ ትለቅማለህ። ለዚያ ስልኩ ላይ የሚሰካ የካርድ ሪደር ያዝ፣ ካርዱን አውጥተህ ሰክተህ ኮፒ ታደርጋለህ፣ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ከመግዛትህ በፊት ስልክህ ኦቲጂ የሚቀበል መሆኑን እዚያው ሱቁ ላይ ሰክተህ እይ።

ነገ ስትወጣ ዳታውን ዘግተህ፣ የቁልፏን ምልክት አይተህ፣ ሎኬሽኑን አብርተህ ሞክረው። ካልሆነ የስልክህን ሞዴል፣ የአንድሮይዱን ቁጥርና አፑ ላይ የሚመጣውን ጽሑፍ ቃል በቃል ጻፍልኝ። ካሜራው ላይ ቁጥር ያለው የስህተት መልእክት ከመጣ ቁጥሩን አብረህ ላክ፣ በእሱ ነው የት ጋ እንደቆመ የማውቀው።